«ወደቀ» ከምን ላይ? የጓደኛን ድርሰት አጥብቆ ስለ መጠየቅ

ጥያቄ፦ «በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አምስት ሆነን የጻፍነውን እያነበብን እንተራረማለን። ባለፈው አንዷ አባላችን ‹የ12ኛ ክፍል ውጤት የወደቀው ተማሪው ስልኩ ላይ ስለተጣደ ነው› የሚል ድርሰት አመጣች። እኔም ‹የሰይጣን ጠበቃ ልሁን› ብዬ ወደ ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቅኳት። መጀመሪያ መለሰች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ መጨረሻ ላይ ‹በቃ ተወው፣ ድርሰቱን ትቼዋለሁ› አለችኝ። የጠየቅኳት ግን በለስላሳ አነጋገር ነበር። ሰው ሳላስቀይም አጥብቄ መጠየቅ የምችለው እንዴት ነው? ወይስ ዝም ማለት ይሻላል?»

ምላሽ፦ ዝም ማለት አይሻልም። ነገር ግን ችግሩን በድምፅዎ ልስላሴ ውስጥ አይፈልጉት። ዘጠኝ ጥያቄ በለሆሳስ ቢጠየቅም ዘጠኝ ጥያቄ ነው። ሰው የሚሸሸው ጥያቄው ሻካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የትኛው ጥያቄ እንደሚከብድ፣ የትኛውስ ለወሬ ያህል እንደተወረወረ መለየት ሲያቅተውም ይሸሻል። ጓደኛዎ መጀመሪያ መመለሷ፣ ከዚያ ዝም ማለቷ ይህንን ይናገራል። ለመጀመሪያዎቹ መልስ ነበራት። ዘጠኙን ግን አንድ ላይ መሸከም አልቻለችም።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። የሰይጣን ጠበቃ ሲባል ብዙ ሰው «ለሁሉም ነገር ተቃራኒ የሚያወራ» ማለት ይመስለዋል። አመጣጡ እንደዚያ አይደለም። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድን ሟች ቅዱስ ብላ ከማወጇ በፊት ጉዳዩን የሚሞግት ሹም ነበራት። ሹመቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1587 በደንብ ያቋቋሙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቱስ 5ኛ ናቸው። በ1983 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አሠራሩን እስኪቀይሩት ድረስም ቆይቷል። የሹሙ ሥራ በቀረበው መዝገብ ላይ ያለውን ቀዳዳ መፈለግ ነበር። የሟቹ ጠላት አልነበረም። እንዲያውም በልቡ በሟቹ ቅድስና ሊያምን ይችላል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ሰውየው ሙግቱን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም አስቀድሞ ያውቃል። ሁለተኛ፣ የሚሞግተው መዝገቡን ነው። እርስዎ ግን ንባቡ መሀል ላይ ራስዎን ሾሙ። ጓደኛዎ ደግሞ የመጣችው ለእርማት እንጂ ለሙግት አልነበረም።

እኛ ጋ ሌላም የሚያከብድ ነገር አለ። በአገራችን የቆየ የአደባባይ ሙግት አለ፣ በላ ልበልሃ። አንዱ «ተጠየቅ» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳሉ። መጨረሻ ላይ ረቺና ተረቺ አለ። እጅግ የሚያምር የንግግር ጥበብ ነው፣ እኔም በጣም እወደዋለሁ። ግን ጆሯችን ላይ አንድ ነገር ትቶ አልፏል። በሰው ፊት ተከታትሎ የሚመጣ ጥያቄ እንደ ሙግት ይሰማናል። መልስ ማጣት ደግሞ መረታት ነው። የድርሰት ጥያቄ እንዲህ ዓይነት ውርርድ የለውም። ጸሐፊዋ መልስ ብታጣ የተሸነፈ ሰው የለም፣ ያልተሠራ አንቀጽ ብቻ አለ። ይህን እርስዎ በልብዎ ቢያውቁት አይበቃም። አጠያየቅዎ ላይ መታየት አለበት።

ስለ ሰይጣን ጠበቃ አንድ ጥናት ልንገርዎ፣ ምክሬ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበረችው ቻርላን ኔሜትና ባልደረቦቿ ሁለት ዓይነት ተቃዋሚ አነጻጽረው በ2001 አሳተሙ። አንዱ ከልቡ የሚቃወም ነው። ሌላው ተቃዋሚ ሁን ተብሎ የተመደበ ነው። የተሻለ አዲስ ሐሳብ እንዲያፈልቁ ሰዎችን ያነሳሳው ከልቡ የተቃወመው ነበር። ተመድቦ የተቃወመው ሰው ፊት ግን ሰዎች የያዙትን ሐሳብ ይበልጥ ወደ ማጠናከር አዘነበሉ። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ላይም የማየው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ጨዋታ መሆኑ ሲታወቅ መልሱም ጨዋታ ይሆናል።

ስለዚህ ሚናውን ብቻ ይዘው አይምጡ፣ ጥያቄው እውነተኛ ይሁን። እውነተኛ ጥያቄ የምለው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ እርስዎ ራስዎ መልሱን የማያውቁትና በእርግጥ ያሳሰበዎት ነው። ወይ ደግሞ አንድ የሚታወቅ ዓይነት አንባቢ በርግጠኝነት የሚያነሳው ነው። «ሊባል ይችላል እኮ» የሚለው ሁሉ አይገባም። ከዘጠኙ ጥያቄዎችዎ ስንቱ ይህን ያልፋል? ቁጭ ብለው ይቁጠሯቸው። ከሁለት ወይም ከሦስት እንደማይበልጡ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ድርሰቱ እንምጣ። ድርሰቱን አላነበብኩትም፣ ዋና ሐሳቡ ግን ይበቃናል። አመዛዛኝ ድርሰት ስናስተምር መጀመሪያ የምናሠራው ዋናውን ሐሳብ መፈልቀቅ ነው። «የ12ኛ ክፍል ውጤት የወደቀው ተማሪው ስልኩ ላይ ስለተጣደ ነው» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይመስላል። ውስጡ ግን ሦስት ሐሳብ አለ። ውጤት ወድቋል። ስልክ የጥናት ጊዜ ይሻማል። ሁለተኛው የአንደኛው ምክንያት ነው።

ሦስቱ እኩል አይደሉም። አብዛኛው ጠያቂ የሚዘምተው መሀለኛው ላይ ነው። «ሁሉም ተማሪ እኮ ስልክ የለውም!» «በስልክ የሚያጠናም አለ!» ምክንያቱም ቀላሉ እሱ ነው። ጸሐፊዋ ግን ከሁሉም በላይ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ምናልባት ታናሽ ወንድሟን በዓይኗ አይታለች። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ የሚያመሽ ጎረቤትም ይኖራት ይሆናል። እዚያ ላይ ሲጠይቋት ያየችውን እንዳላየች ያደረጓት ይመስላታል፣ ትቆጣለች። ተቆጥታም ብትመልስ ድርሰቱ አይጠቀምም፣ ምክንያቱም መሀለኛው ሐሳብ እውነት ቢሆንም ድምዳሜው ላይቆም ይችላል። ክብደቱ ያለው አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። ጸሐፊዋ ሳታስተውል የዘለለቻቸውም እነሱን ነው።

አንደኛውን እንየው። «ወደቀ» ከምን ላይ ነው የወደቀው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ፈተናውን የወሰዱት በ2015 መጀመሪያ ነው። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር የደነገጠበት ቁጥር ይህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፈተናው የሚሰጠው በየአካባቢው ነበር። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥቡም በየዓመቱ የሚቆረጥ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የምናወዳድረው የተማሪውን እውቀት ብቻ አይደለም። የፈተናውን አሰጣጥም ነው፣ መለኪያውንም ነው። ስልኩ ደግሞ ከዚያ ዓመት በፊትም በተማሪው እጅ ነበር። በአንድ ዓመት እንዲህ የተለወጠው ስልኩ አይደለም።

ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው። ጸሐፊዋ ካልመለሰችው ድርሰቱ አይቆምም። ግን ሊጠየቅ የሚችልበትን ሁለት መንገድ ይመልከቱ። አንደኛው፦ «ለመሆኑ ፈተናው ቦታ መቀየሩን አላየሽም?» ሁለተኛው፦ «ፈተና ሲያስተባብር የኖረ አንድ መምህር ድርሰቱን አነበበው እንበል። ‹ቁጥሩ የወረደው ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ በተዛወረበት ዓመት ነው፣ ስልክ ግን ከዚያ በፊትም ነበር› ቢል፣ ድርሰቱ ምን ይመልስለታል?»

ሁለተኛው ከአንደኛው የለሰለሰ አይደለም። እንዲያውም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ማስረጃውን ይዞ መጥቷል። ልዩነቱ ሰዋስው ላይ ነው። በአማርኛ ግሡ ራሱ ሰውየውን ይይዛል። «አላየሽም» ስንል ጥያቄው የሚያርፈው ዓይኗ ላይ ነው፣ ትጋቷ ላይ ነው። «ድርሰቱ ምን ይመልሳል» ስንል የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው፣ ጸሐፊዋም ከእኛ ጎን ሆና ወረቀቱን ታያለች። «ለመሆኑ» ደግሞ በአነጋገራችን ብዙ ጊዜ የጥርጣሬና የንቀት ቃና አለው። «ታዲያ»ም እንደዚያው። «እኮ» ሰውየው ሊያውቀው ይገባ ነበር ይላል። «አይመስልሽም?» የሚለው ጨዋ ይመስላል እንጂ መልሱን ራሱ ይዞ የመጣ ነው፣ ጥያቄ ሊባል አይችልም። «ይቅርታ ግን» ብሎ መጀመርም አያድንም። ሰው ይቅርታውን ሰምቶ የሚመጣውን ዱላ ይጠብቃል።

ጥያቄዎን ከመናገርዎ በፊት የምትመልሰውን የመጀመሪያ ቃል ይገምቱ። መልሱ «እኔ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ማለትም «እኔ እንደዚያ አላልኩም»፣ «እኔ አይቻለሁ»፣ «እኔን አታውቀኝም» ከሆነ፣ ጥያቄው ሰው ላይ አርፏል። እንደገና ይሥሩት። መልሱ «ድርሰቱ» ወይም «እንደዚያ ከሆነ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ይጠይቁ።

አንድ ፊደል ብቻ የሆነች ጥያቄም አለችን። «ስ?» ናት። «የመምህራን እጥረትስ? ድህነትስ? ኮሮናስ?» ጠያቂውን አንዲት ፊደል ታስከፍለዋለች። ጸሐፊውን ግን የሳምንት ሥራ። ከዘጠኙ ጥያቄዎችዎ ብዙዎቹ እንዲህ እንደነበሩ እጠረጥራለሁ፣ ዘጠኝ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ብቻ ስለሆነ። ክፋቷ አለመጠናቀቋ ነው። ኮሮናን ማንሳት የድርሰቱን ድምዳሜ ያፈርሰዋል? ያጠብበዋል? ወይስ ምንም አያደርገውም? ይህን ሥራ ጠያቂው መጨረስ አለበት። ሲጨርሱት እንዲህ ይሆናል፦ «በ2012 መጋቢት ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ የ2014 ተፈታኞች አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል ነበሩ። የወራት ትምህርት አምልጧቸዋል። ድርሰቱ የዚያን ጉድለት ከስልኩ የሚለየው በምንድን ነው?» አሁን ጥያቄ ሆነ። «ስ?» ብለው ጀምረው እንዲህ መጨረስ ካልቻሉ፣ ጥያቄው ገና አልበሰለምና ይተዉት።

ሦስተኛው ሐሳብ ላይ፣ ማለትም ምክንያት በተባለው ላይ፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ስልኩ ውጤትን ወደ ሌላ አቅጣጫ ገፍቶት ቢሆንስ? በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨና ፈተናው ተሰረዘ። ያንን የተሸከመው ስልክ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቹ ፈተና ላይ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ተከለከለ። ስለዚህ አንድ አንባቢ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ስልክ ቀድሞ ውጤት ያስነሳ ነበር፣ ቁጥሩ የወረደው ስልኩ ከፈተና ክፍል ሲወጣ ነው።» ይህ የጓደኛዎን ሐሳብ ይገለብጠዋል። እውነት ነው እያልኩ አይደለም። መልስ የሚሻ ነው። ጸሐፊዋ መልስ ፍለጋ ስትሄድ ደግሞ የምታገኘው ነገር ከጀመረችበት ይበልጣል።

ለምን ይህን መረጥኩ? ሌሎቹ ጥያቄዎች ድርሰቱ ላይ ሌላ ምክንያት ይጨምራሉ። ጸሐፊዋ «አዎ፣ እሱም አለ» ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር አክላ ታልፋለች። ይህኛው ግን ራሱ ምክንያቱ የሚሠራበትን መንገድ እንድታሳይ ያስገድዳታል። ምርጥ የሰይጣን ጠበቃ ጥያቄ ጸሐፊው የያዘውን ማስረጃ ራሱን ተጠቅሞ ወደ ተቃራኒው ድምዳሜ ይሄዳል። ከውጭ ክምር ይዞ አይመጣም። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ለማግኘት ድርሰቱን ሁለቴ ማንበብ ያስፈልጋል። አንዴ እንደ ወዳጅ፣ አንዴ ተቃራኒውን የሚያምን ሰው ሆኖ፣ ያው ማስረጃ ለእሱ ምን እንደሚነግረው እያዩ።

ጥያቄውን ከመጠየቅዎ በፊት ግን የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ዋናውን ሐሳብ በራስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩትና «ይህን ነው የሚለው?» ብለው ይጠይቋት። «አዎ» እስክትል አይለፉ። «አይ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ካለች ግማሹ ሥራ እዚያው ተሠራ፣ ድርሰቱ ግልጽ እንዳልሆነ ያለ ምንም ሙግት ታየ። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ከእሷ ይልቅ ደካማ ከሆነ ደግሞ የሚሞግቱት እርስዎ የፈጠሩትን ድርሰት ነው። ሰው የሚቆጣበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነው፣ ያላለውን ሲጠየቅ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም።

አሁን መልስ ስትሰጥ የእርስዎ ድርሻ ምንድን ነው? መጠበቅ። ለጠንካራ ጥያቄ እዚያው በቃል መልስ አይጠበቅም፣ ሰው እዚያው ሲመልስ የሚመልሰው ለመከላከል ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ጽፋ ትምጣ። ሦስት መንገድ አላት፣ ሦስቱም የተከበሩ ናቸው። ጥያቄውን በማስረጃ ልታፈርስ ትችላለች። ሐሳቧን ልታጠብብ ትችላለች። ልትተወውም ትችላለች። ብዙ ጊዜ ጥሩው መሀለኛው ነው። ለምሳሌ ጓደኛዎ እንዲህ ብላ ልትመለስ ትችላለች፦ «ስልክ የ12ኛ ክፍል ተማሪን የማታ ጥናት ይቀማዋል። ይህ ቀድሞም ነበር። አዲሱ የፈተና አሰጣጥ ግን ጉድለቱ የሚሸፈንበትን መንገድ ዘጋው።» ይህ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ያየችውን ነገር አልተወችም። የማታውቀውን ግን ከትከሻዋ አውርዳለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፈው ራሱ ድርሰቱን ለማንበብ ጓጓሁ።

ነገሩ ሲበላሽም ይታወቃል። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፣ ሹል ሐሳብ የምታመጣ። ድርሰቷ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 14 ጥያቄ ጻፍኩላት። ሁሉም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በሳምንቱ አስተካክላ አመጣች። እያንዳንዱ አንቀጽ ላይ «ምናልባት»፣ «በተወሰነ ደረጃ»፣ «እንደየሁኔታው» ተነስንሷል። ለ14ቱም መልስ ሰጥታለች። ድርሰቱ ግን ምንም አይልም። ሹሉ ሐሳብ ጠፍቷል። ያንን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥያቄ ሲበዛ ጸሐፊ ሐሳቡን ትቶ ጥያቄዎቹን ብቻ መልሶ ይመለሳል። «ምናልባት» ሲበዛ ካዩ ጠንካራ ጥያቄ መጠየቅዎን ያቁሙ። «በጣም እርግጠኛ የሆንሽበት ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው?» ብለው ከዚያ ይጀምሩ።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ የሰይጣን ጠበቃ ጨርሶ መግባት የለበትም። ሰው የደረሰበትን ሲጽፍ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ስደት፣ ስለ ቤቱ ችግር ሲናገር፣ የሚሞገት ድምዳሜ የለም። የሚጠየቅ ካለ አቀራረቡ ነው። ገና ሐሳቡን ፍለጋ ላይ ያለ የመጀመሪያ ረቂቅም አይሞገትም። ነገ የሚገባ ድርሰትም እንደዚያው፣ መልስ ለመፈለግ ጊዜ የሌለውን ሰው መጠየቅ ማስጨነቅ ብቻ ነው። ጠያቂው መምህር ወይም አለቃ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል። ያኔ «መልሱን አላውቀውም፣ ሐሳብሽን ባትቀይሪም ነጥብ አይቀንስብሽም» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ብሔርና ሃይማኖት በሚነካ ድርሰት ላይ «ለክርክር ያህል» የሚባል ነገር በቡድን ፊት አይሠራም። የተዋሱት ድምፅ የራስዎ ሆኖ ይቀራል፣ ለሁለት ብቻ ሆናችሁ ተነጋገሩ።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ግን የራስን አቋም በሰይጣን ጠበቃ ካባ ሸፍኖ ማስገባት ነው። ስልክ ምክንያት አይደለም ብለው የሚያምኑ ከሆነ «እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ይበሉ። ያ ቅን ተቃውሞ ነው። የኔሜት ጥናትም የሚደግፈው እሱን ነው። ካባውን የለበሱት ኃላፊነት ላለመውሰድ ከሆነ ሰው ያውቅብዎታል። ጓደኛዎ «ተወው» ያለችው ይህን ሸትቷት ሊሆንም ይችላል። የሌላ አንባቢን ጥያቄ አድርገው ካነሱት ደግሞ ሲጨርሱ ከጠበቃነትዎ ይውረዱ። እርስዎ የት እንደቆሙ ይንገሯት። «ይህን የጠየቅኩት ያ መምህር ስለሚጠይቅ ነው፣ እኔ ግን ስለ ማታ ጥናቱ ያልሽው አሳምኖኛል» ማለት ሙገሳ አይደለም፣ የትኛው ክፍል እንደቆመ መረጃ ነው።

እንግዲህ የማሳስብዎት ይህ ነው። በአንድ ድርሰት ላይ ከሁለት ጥያቄ አይለፉ። ሁለቱንም ጽፈው ይስጧት። እያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ የሚጠይቀው አንባቢ ማን እንደሆነና የያዘው ማስረጃ ይኑር። መልሱ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን። ቡድኑ ውስጥ ሚናው ይጠቅማል ካላችሁ ተራ አውጡለት፣ ጸሐፊውም ሚናውን ማን እንደሚይዝ ቀድሞ ይወቅ።

አሁን ግን የሚቀድመው ጓደኛዎ ጋ መመለስ ነው። የተጣለው ድርሰት የሚነሳ ነው። ሰባቱን ጥያቄ ወስደው ይጣሉ። ከሚቀሩት ሁለት አንዱንም ለጊዜው ያቆዩት። ዛሬ ማታ እንዲህ ብለው ይጻፉላት፦

«ያለፈው ቅዳሜ ጥያቄ አበዛሁብሽ። አብዛኞቹ የማይረቡ ነበሩ፣ ተያቸው። ድርሰቱን ደግሜ አሰብኩበት። እንደገባኝ የሚለው ‹ስልክ የጥናት ጊዜ ስለሚወስድ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወደቀ› ነው። ልክ ነኝ? ልክ ከሆንኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርታኛለች፣ መልሷን እኔም አላውቃትም። ፈተና የሚያስተባብር መምህር ‹ቁጥሩ የወረደው ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ በሄደበት ዓመት ነው› ቢል ድርሰቱ ምን ይለዋል? ስለ ጥናት ጊዜ የጻፍሽው ክፍል ግን የትም እንዳይሄድ።»